የሁለት ወሩ ኪሳራ

ባለፈው ሚያዝያ የወንድሜ ልጅ ከሚኒሶታ ደወለችልኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ ከሁለት የአክስቷ ልጆች ጋር ትንሽ የዱቄት ፋብሪካ ልትከፍት ነው። «ጋሼ፣ ንግድ ፈቃዱን አሁኑኑ ላውጣው? ማሽኑ መስከረም ላይ ነው የሚገባው» አለችኝ። ማሽን መስከረም ላይ ከገባ በሚያዝያ ፈቃድ ምን ያደርግልሻል አልኳት። «ለማንኛውም ብዬ ነው» አለች። እኔም በዚያው «ለማንኛውም» ነው የተበላሁት።

ነገሩ ወደፊት ስለሚሸጋገር ኪሳራ ነው። ብዙዎቻችን ከውጭ ገንዘብ ይዘን ስንመጣ የምንሰማው ግማሹን ብቻ ነው፦ «ዘንድሮ ብትከስርም ችግር የለም፣ ኪሳራው ይሸጋገራል፣ ስታተርፍ ከትርፉ ይቀነስልሃል።» እውነት ነው። የፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአንቀጽ 26 ይህን ይፈቅዳል። ግን የሚፈቅደው በገደብ ነው። አንደኛ፣ ኪሳራው ከደረሰበት ዓመት በኋላ ከ5 ዓመት በላይ አይሸጋገርም። ሁለተኛ፣ የሒሳብ መዝገቡ ኦዲት ተደርጎ በግብር ባለሥልጣኑ ተቀባይነት ማግኘት አለበት። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። አንድ ግብር ከፋይ ማሸጋገር የሚችለው የሁለት ዓመት ኪሳራ ብቻ ነው። ሦስተኛ የኪሳራ ዓመት ከመጣ ያ ኪሳራ በዚያው ይቀራል።

እኔ የተጎዳሁት በዚህ በሦስተኛው ነው።

በ2011 ግንቦት ከሁለት ወንድሞቼ ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቋምን። ሥራው ዱቄት ነበር፤ ስንዴውን ከጎዛምንና ከማቻከል ገበሬ እንገዛለን፣ ፈጭተን ለዳቦ ቤት እናስረክባለን። እኔ ያኔ ሜሪላንድ ነበርኩ። ለእረፍት መጥቼ ስለነበር «ሳልሄድ ይለቅ» ብዬ ፈቃዱን አጣድፌ አወጣሁ። ማሽኑ ገና ጅቡቲ ነው። ግን የመጋዘን ኪራይ ጀመረ፣ ዘበኛ ተቀጠረ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋም ደመወዝ በላች። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የሁለት ወር ኪሳራችን 85 ሺህ ብር ሆነ። አስታወቅን፣ ኦዲት ተደረገ፣ ተቀባይነት አገኘ። ደስም ብሎን ነበር።

ቀጣዩ 2012 ሙሉ የሥራ ዓመት ነበር። መብራቱ፣ ኮሮናው፣ የስንዴው ዋጋ ተደራረቡ። በኋላ ተቀባይነት ያገኘው ኪሳራ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ነው። በ2013 ትንሽ ተሻለን፣ ግን እንደገና 900 ሺህ ከሰርን። ከዚያ ማትረፍ ጀመርን፦ በ2014 600 ሺህ፣ በ2015 700 ሺህ፣ በ2016 900 ሺህ።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንየው። የሚቀነሰው ከቀደመው ዓመት ኪሳራ ጀምሮ ነው። በ2014 ትርፍ መጀመሪያ የ2011ዱ 85 ሺህ ተቀነሰ፣ የቀረው 515 ሺህ ከ2012ቱ ኪሳራ ተወሰደ። ግብር ዜሮ። ከ2012ቱ 885 ሺህ ቀረ። በ2015 ከሱ ላይ 700 ሺህ ሄደ። አሁንም ዜሮ። የቀረው 185 ሺህ ነው። በ2016 ከ900 ሺህ ትርፍ ይህን 185 ሺህ ቀንሰን 715 ሺህ ግብር የሚከፈልበት ሆነ። የማኅበር ግብር 30 በመቶ ነው፤ 214 ሺህ 500 ብር ከፈልን።

የ2013ቱ 900 ሺህስ? እሱ ሦስተኛው የኪሳራ ዓመት ነው። ሁለቱን ቦታ 2011 እና 2012 ይዘውበታል። ተከራከርን፣ ግን አዋጁ ግልጽ ነው።

ፈቃዱን ሐምሌ 1 ቀን 2011 ባወጣው ኖሮ የመጀመሪያው የኪሳራ ዓመት 2012፣ ሁለተኛው 2013 ይሆኑ ነበር። ድምራቸው 2 ሚሊዮን 300 ሺህ ነው። የሦስቱ ዓመት ትርፍ 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ስለሆነ በ2016 ምንም አንከፍልም፣ 100 ሺህም ለቀጣዩ ዓመት ይተርፈን ነበር። በአጭሩ ለ85 ሺህ ብር ስል የ900 ሺሁን ጣልኩ። በግብር ሲተመን 244 ሺህ 500 ብር ነው፤ ያውም ለሁለት ወር ጥድፊያ።

ስለዚህ ሥራችሁ ገና ካልተጀመረና ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ሦስት ወር ከቀረው፣ ንግድ ፈቃዱን ለሐምሌ አቆዩት። ማሽን ስትገዙ፣ መጋዘን ስታሠሩ የምታወጡት ገንዘብ በእርጅና ቅናሽ ዓመት በዓመት ስለሚመለስ በዚህ ምክንያት አይጠፋም፤ ደረሰኙን ብቻ ያዙ። ሥራ ከጀመራችሁ ግን ፈቃድ አቆዩ አልልም። ያለ ፈቃድ መነገድ ሌላ ጣጣ ነው፣ እሱን እዚህ አላመጣውም።

አሁን ወደ ኦዲቱ። የ2012 ኪሳራ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ነው ስል በደንብ አስተውሉ፤ እኛ ያስታወቅነው 1 ሚሊዮን 900 ሺህ ነበር። 500 ሺሁ ተጣለ። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ ዝርዝሩን ሳይ ግን ዝም አልኩ። ትልቁ የስንዴ ግዥ ነው። ገበሬ ደረሰኝ አይሰጥም። የሚያዋጣው እኛው የግዥ ቫውቸር ሞልተን፣ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ ኩንታሉንና ዋጋውን ጽፈን ማስፈረም ነው። ታናሽ ወንድሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሲሯሯጥ ግማሹን በማስታወሻ ደብተር ብቻ ነው የያዘው። የጫኝና አውራጅ ክፍያም እንዲሁ ያለ ፊርማ ነበር። ከዚያ የእኔ ጉድ አለ፦ ከዋሽንግተን የመጣሁበት የአውሮፕላን ቲኬትና ክረምቱን የነዳሁት መኪና ነዳጅ ድርጅቱ ወጪ ውስጥ ገብተዋል። የግል ወጪ ነው፣ አይያዝም። የትራፊክ ቅጣት ሳይቀር ተገኘ።

እዚህ ላይ የሚታለፍ ነገር አለ። አትራፊ ዓመት ላይ ወጪ ሲጣልባችሁ የዚያ ዓመት ግብር ይጨምራል፣ ወዲያው ያማል፣ ትከራከራላችሁ። በኪሳራ ዓመት ግን ወጪ ቢጣልም ግብሩ ያው ዜሮ ነው። ስለዚህ ሰው ግድ አይሰጠውም፣ ወረቀቱን ተቀብሎ ይወጣል። የሚያመው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ የቅሬታ ጊዜው አልፏል። በኪሳራ ዓመት የመጣ የኦዲት ውጤትን የትርፍ ዓመት እንደሆነ አድርጋችሁ አንብቡ። መዝገቡ ጭራሽ ተቀባይነት ካጣማ ግብሩ በግምት ይሠራል፤ ያኔ ኪሳራችሁ ጠፍቶ ዕዳ ይመጣል። የኪሳራ ዓመት ነው ብሎ ሳያስታውቁ መቅረትም አይቻልም። ማኅበር ከሆናችሁ ከሰኔ 30 በኋላ አራት ወር፣ ማለትም እስከ ጥቅምት 30 ነው ያላችሁ።

ከኪሳራ ዓመት የቀሩ ቫውቸሮችን ኪሳራው ተቀንሶ እስኪያልቅ፣ ከዚያም በኋላ እንዳትጥሉ። እኛ በ2016 የጠየቁን የ2012ን ካርቶን ነው። እናታችን ቤት ቆጥ ላይ ነበር፣ አይጥ ጫፉን በልታዋለች፤ ደግነቱ ፊርማዎቹ ተርፈዋል።

የ2017ቱ ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ደግሞ ከ2018 ጀምሮ አዲስ ነገር አምጥቷል፣ እኔ በሠራሁት ስሌት ውስጥ የሌለ። ዝቅተኛ ግብር፣ ማለትም የትርፍ ግብሩ ከሱ ካነሰ በምትኩ የሚከፈለው፣ ከዓመታዊ ሽያጭ ላይ 2.5 በመቶ ሆኗል። ዱቄት ሽያጩ ትልቅ፣ ትርፉ ስስ የሆነ ሥራ ነው። በዓመት 20 ሚሊዮን ብር የሚሸጥ ፋብሪካ ቢያተርፍም ቢከስርም ይህ ዝቅተኛ ግብር 500 ሺህ ብር ይመጣል። ስለዚህ «ኪሳራ ስላለኝ ዜሮ ነኝ» ብላችሁ ጥሬ ገንዘቡን ሁሉ ስንዴ አትግዙበት። የሒሳብ ባለሙያችሁ ሁለቱንም ሠርቶ፣ በኪሳራ ተቀንሶ የሚመጣውንና ከሽያጭ የሚመጣውን ጎን ለጎን ያሳያችሁ።

ከውጭ ለሚያስብ ሰው አንድ ሌላ ጉዳይ አለ። ኪሳራው የሚመዘገበው በብር ነው፣ ለዋጋ ንረት ተብሎ አይስተካከልም። እኔ በ2012 ስከስር ዶላር 35 ብር ገደማ ነበር። ከሐምሌ 2016 በኋላ ከ100 አልፏል። አምስት ዓመት የተቀመጠ ኪሳራ በዶላር ሲታይ የተረፈው ትንሽ ነው። ባለቤቴ ይህን ስነግራት «ያኔውኑ ቤት መግዛት ነበር» አለች፤ እሷ ሁልጊዜ ቤት ነው የምትለው።

ኪሳራው የሰው ሳይሆን የግብር ከፋዩ ነው፤ ይህን የሚዘነጉ ብዙ አሉ። የማኅበሩ ኪሳራ በማኅበሩ ቲን ቁጥር ላይ ይቀመጣል፤ ከእናንተ ደመወዝም ሆነ ከሌላ ድርጅታችሁ ትርፍ አይቀነስም። በግል ንግድ ከስሮ በኋላ ማኅበር የሚያቋቁም ሰውም አሮጌውን ኪሳራ ይዞ አይሻገርም።

ባለፈው ዓመት አንድ ደላላ መጥቶ «ቡሬ አካባቢ የሚሸጥ ማኅበር አለ፣ ብዙ ኪሳራ አለው፣ ብትገዛው ግብር አትከፍልም» አለኝ። ዋጋውንም በዚያ ሰበብ ጨምሮበታል። የማኅበሩ ባለቤትነት ከግማሽ በላይ ከተለወጠ ግን የድሮው ኪሳራ የሚያገለግለው ማኅበሩ ያንኑ ሥራ ከቀጠለ ነው። ያ ማኅበር የዘይት መጭመቂያ ነበር፣ እኔ ደግሞ ዱቄት ነኝ። ደላላውን የማሽኑን ዋጋ ብቻ ንገረኝ አልኩት፣ ከዚያ ወዲያ አልደወለም።

የወንድሜ ልጅ ፈቃዷን ሐምሌ ላይ አወጣች። ማሽኑ ግን እስከ ኅዳር አልገባም።