የጊዜ ገደብ ተቀማጭ፣ ወርቅ ወይስ የውጭ ምንዛሪ? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ባንኩ ለአንድ ዓመት የጊዜ ገደብ ተቀማጭ 14 በመቶ ወለድ ይሰጠኛል፤ የዋጋ ንረቱ ግን 16 በመቶ ነው። እያወቅሁ ልክሰር?

መጀመሪያ ወለዱን ከግብር በኋላ ያስሉት። የወለድ ግብሩ 10 በመቶ ቢሆን፣ ከ100,000 ላይ የሚያገኙት 14,000 ሳይሆን 12,600 ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ 112,600 ይኖርዎታል ማለት ነው። ዛሬ በ100,000 የሚገዙትን ያን ጊዜ ለመግዛት 116,000 ስለሚያስፈልግ፣ የገንዘብዎ የመግዛት አቅም 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ያው ገንዘብ ያለ ወለድ ቢቀመጥ ግን የሚያጡት 14 በመቶ ያህል ነበር። ስለዚህ ተቀማጩ ጉዳቱን ባያስቀረውም አብዛኛውን ይከላከላል፤ ወርቅም ሆነ የውጭ ምንዛሪ መመዘን ያለባቸው በዚሁ 112,600 ነው።

ውሉን ከመፈረምዎ በፊት፣ ገንዘቡን ያለ ጊዜው ቢያወጡ ወለዱ ምን እንደሚሆን ይጠይቁ። ብዙ ባንኮች በዚህ ጊዜ የሚከፍሉት የመደበኛ ቁጠባን ወለድ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። የዋጋ ንረቱ እየጨመረ ከሆነ፣ ሙሉውን ለዓመት ከማሰር ይልቅ ከፍሎ ከፊሉን ለሦስት ወር፣ ከፊሉን ለስድስት ወር ማስቀመጥ ይሻላል፤ ባንኩ ወለዱን ከፍ ሲያደርግ ጊዜው የደረሰውን በአዲሱ ወለድ ማደስ ይቻላልና።

ጥያቄ፦ እናቴ «ወርቅ አይከዳም» እያሉ አምባርና ሐብል እንድገዛ ይመክሩኛል። ከባንክ አይሻልም?

እናትዎ ወርቅን ያመኑት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለረጅም ዘመን ሲታይ ከብዙ ገንዘቦች የተሻለ ዋጋውን ጠብቋል። ጌጥ ሲገዙ ግን የሚከፍሉት ለወርቁ ብቻ አይደለም። ባለ 21 ካራት ጌጥ ከክብደቱ ንጹሕ ወርቅ የሆነው 87.5 በመቶው ነው፤ በዚህ ላይ የእጅ ሥራ ዋጋ ይታከልበታል፤ ሲሸጡት ደግሞ ገዢው ለሥራው አይከፍልዎትም።

የእጅ ሥራው የወርቁን ዋጋ 12 በመቶ ቢያህል፣ በ100,000 ከገዙት ጌጥ ውስጥ ያለው ወርቅ 89,000 ገደማ ያወጣል። ገዢው ከዚያ ላይ 3 በመቶ ቢቀንስ፣ በማግስቱ ቢሸጡት የሚያገኙት ወደ 86,600 ነው። በዓመቱ 112,600 ለመድረስ የወርቅ ዋጋ 30 በመቶ መጨመር አለበት። የእጅ ሥራ ዋጋ የሌለበት የተመሰከረለት የወርቅ ጥፍጥፍ ቢሆንና በመግዣና በመሸጫ መካከል የሚጠፋው 4 በመቶ ቢሆን ግን፣ የሚያስፈልገው ጭማሪ ወደ 17 በመቶ ይወርዳል። ለማስቀመጫ ከሆነ ጥፍጥፉን፣ ሊያጌጡበት ከሆነ ጌጡን ይግዙ፤ ሁለቱን ዓላማ በአንድ ዕቃ ለማሟላት መሞከር ነው ውድ የሚሆነው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። በጥር 1980 እ.ኤ.አ. አንድ አውንስ ወርቅ 850 ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር፤ ተመልሶ እዚያ ዋጋ ላይ የደረሰው ግን በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። በእነዚያ 28 ዓመታት አሜሪካ ውስጥ የሸቀጦች ዋጋ ከእጥፍ በላይ ስለጨመረ፣ ዋጋው ጣሪያ በነካበት ሰሞን የገዛ ሰው ገንዘቡ በቁጥር ቢመለስለትም በመግዛት አቅም ከስሯል። በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ለሚፈለግ ገንዘብ ወርቅን አልመክርም።

ጥያቄ፦ ዶላር ገዝቼ ቤት ባስቀምጥስ?

በመጀመሪያ የአገርዎ ሕግ ምን ያህል፣ በምን ዓይነት ሂሳብና ለምን ያህል ጊዜ መያዝ እንደሚፈቅድ ያረጋግጡ፤ ሊወረስ የሚችል ገንዘብ ከንረት የተጠበቀ ገንዘብ አይደለም። በሕግ የተፈቀደ ከሆነ፣ ቤት የተቀመጠ ዶላር ወለድ ስለማያፈራ የሚያተርፉት የምንዛሪ ለውጡን ብቻ ነው። በመግዣና በመሸጫ ልዩነት 3 በመቶ ቢያጡ፣ ከተቀማጩ ጋር ለመተካከል ምንዛሪው በዓመት 16 በመቶ ያህል መጨመር ይኖርበታል። ዶላሩም ራሱ ይረክሳል፤ በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ዓመታዊ የዋጋ ንረት 9.1 በመቶ ነበር።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ምንዛሪው «ሊዘል ነው» ተብሎ በሚወራበት ሰሞን ከሕጋዊው ተመን በላይ ከፍለው ሲገዙ ነው። ከዚያ የሕጋዊው ተመን ሲስተካከል ወደ ከፈሉት ዋጋ ይጠጋል እንጂ ላያልፈው ይችላል፤ ዜናው እውነት ሆኖም ገዢው አያተርፍም። በባንክ የተቀመጠ ዶላርም ከመንግሥት ውሳኔ አያመልጥም፦ በ2002 እ.ኤ.አ. አርጀንቲና በባንኮች የነበሩ የዶላር ተቀማጮችን በ1.40 ፔሶ ሂሳብ አስገድዳ ስትመነዝር፣ በዚያው ዓመት የገበያው ዋጋ ከ3 ፔሶ አልፏል።

ወጪው ራሱ በውጭ ምንዛሪ ከሆነ፣ ለምሳሌ የልጅ የውጭ አገር ትምህርት ክፍያ፣ መልሴ ይለወጣል፤ የሚከፈልበትን ገንዘብ በሕጋዊ መንገድ አስቀድሞ መያዝ ትክክል ነው።

ጥያቄ፦ ከስምንት ወር በኋላ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ የማውለው ገንዘብ አለኝ። የቱን ልምረጥ?

የስድስት ወር የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ይምረጡ፤ ሲያበቃ ለቀሪዎቹ ሁለት ወራት ወደ መደበኛ ቁጠባ ያዙሩት። በስምንት ወር ውስጥ የወርቅ ዋጋ ወርዶ ቢያገኝዎት የሚጠብቁበት ጊዜ የለዎትም። ውሉ ሲያበቃ በራሱ የሚታደስ እንዳይሆን ግን ሲፈርሙ በጽሑፍ ያስታውቁ፤ አለበለዚያ ክፍያው በሚደርስበት ቀን ገንዘብዎ ለሌላ ስድስት ወር ታስሮ ሊያገኙት ይችላሉ።