የፓምፕ ፍጥነት ሲቀንስ ኃይል በእርግጥ ስንት ይቆጠባል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ፍሰቱን 80 በመቶ ለማድረግ ፍጥነቱን ወደ 80 በመቶ አወርዳለሁ። ኃይሉ በፍጥነቱ ኩብ ስለሚወርድ ግማሹ ይተርፈኛል ማለት ነው። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ሕጉን ይዘኸዋል፣ ቧንቧውን ግን ረስተኸዋል። ፍሰት፣ ግፊትና ኃይል ከፍጥነት ጋር እንዴት እንደሚለወጡ የሚገልጹት የአፊኒቲ ሕጎች የሚናገሩት ስለ ፓምፑ ብቻ ነው፤ የት ላይ እንደሚሠራ የሚወስነው ሲስተም ከርቩ፣ ማለትም ቧንቧው ለየፍሰቱ የሚጠይቀው ግፊት ነው። ፓምፑ በሙሉ ፍጥነቱ፣ በ50 ኸርዝ፣ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ በ40 ሜትር ግፊት ያወጣል፣ ፍሰቱ ሲዘጋ ደግሞ 50 ሜትር ይደርሳል እንበል። ከ40ው ውስጥ 24ቱ ታንከሩ ያለበት ከፍታ ነው፤ 16ቱ የቧንቧ ሰበቃ። ፍጥነት ስትቀንስ ሰበቃው ይቀንሳል፤ ታንከሩ ግን ካለበት አይወርድልህም። ስለዚህ በ40 ኸርዝ የምታገኘው 80 ሳይሆን 55 ገደማ ነው።

80 የሚገኘው በ45 ኸርዝ ነው። የፓምፑ ኤፊሸንሲ ብዙም ካልተለወጠ ኃይሉ የሙሉው 68 በመቶ ይሆናል እንጂ 51 አይደለም። በቫልቭ አንቀህ ያንኑ 80 ብታመጣ ደግሞ 87 ግድም ይወስድብሃል። ቁጠባው አለ፤ ከቫልቩ አንጻር አንድ አምስተኛ ያህል ነው።

ጥያቄ፦ የእኛ የማቀዝቀዣ ውሃ ፓምፕ ግን በኩብ ሲወርድ በሜትሩ አይተናል። 68 ያልከው አልተጋነነም?

መልስ፦ የእናንተ ዝግ ዑደት ነው። የወጣው ውሃ ተመልሶ ስለሚወርድ የሚቀረው ሰበቃ ብቻ ነው፤ ሕጉም እንዳለ ይሠራል። ነገር ግን ፍጥነቱን የሚቆጣጠረውን ድራይቭ ቋሚ ግፊት እንዲጠብቅ ካዘዛችሁት፣ ያ ግፊት ልክ እንደ ታንከሩ ከፍታ ቁጠባውን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ዝቅተኛውን ፍጥነት 25 ኸርዝ ላይ አስሬዋለሁ። አምፒሩ ደስ ይላል፣ የፓምፑ አካል ግን ይግላል። ቤሪንጉ ይሆን?

መልስ፦ ቤሪንጉን ከመፍታትህ በፊት የፍሰት ሜትሩን እይ። ከላይ ባለው ምሳሌ ከ34.6 ኸርዝ በታች ፓምፑ 24 ሜትር መድረስ አይችልም፤ ውሃ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቼክ ቫልቭ ይዘጋል፣ ያው ውሃ ውስጡ እየተማሰለ ይሞቃል። አምፒሩ ያነሰው ሥራ ስለሌለ ነው።

ጥያቄ፦ ፓምፑ ሳይጎዳ የሚሠራበት ዝቅተኛው ፍሰትስ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ይቀንስ የለ? ታዲያ ምን ያስፈራል?

መልስ፦ በግምት ይቀንሳል፤ ግን ፍሰቱ ከእሱ ቀድሞ ይወድቃል። አምራቹ በ50 ኸርዝ 30 ሜትር ኩብ ቢል፣ በ36 ኸርዝ ገደቡ 22 ገደማ ሲሆን የምታገኘው 27 ነው። በ35 ኸርዝ ገደቡ 21 ሲሆን ፍሰትህ 14 ይሆናል። አንድ ኸርዝ ግማሹን ወሰደው! እኔ ብሆን ዝቅተኛውን ፍጥነት 37 ኸርዝ ላይ አስረዋለሁ፤ ታንከሩ ሲሞላ ከፍታው ስለሚጨምር ሙከራውን በሞላ ታንከር አድርገው።

ጥያቄ፦ ታንከር ካለኝ በሙሉ ፍጥነት እያበራሁ እያጠፋሁ ብሠራስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ባለሙያዎችም አይስማሙም። በምሳሌው በ45 ኸርዝ ለአንድ ሜትር ኩብ የሚወጣው ኃይል 14 በመቶ ያህል ያነሰ ነው፤ ከዚያ ላይ ድራይቩ ራሱ ጥቂት ይወስዳል። ከፍታው ከሰበቃው እጅግ ከበለጠ ግን ልዩነቱ ሊጠፋ ይችላል። የራስህን ኪሎዋት ሰዓት በሜትር ኩብ አካፍለህ አወዳድር።