ካካውን ካጸዱ በኋላስ እጅዎን ይታጠባሉ?

«ዶክተር፣ ልጄ 1 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ሦስቴ ተቅማጥ ያዘው። ከማብላቴ በፊት ሁሌ እጄን ሳፋ ውስጥ እታጠባለሁ፤ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ እቆጥባለሁ። ባለፈው ቤት የተረፈ ፍላጅል ሰጠሁት። ጥፋቱ የኔ ይሆን?» የአንድ ልጅ እናት፣ ከደሴ

እህቴ፣ ልጅዎ የታመመው ቸል ስላሉት አይደለም። በዚህ ዕድሜ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል፤ ተቅማጥም ይደጋግመዋል። ከማብላትዎ በፊት መታጠብዎ ጥሩ ነው። ሌላው ሰዓትስ?

ክሊኒካችን የሚመጡ እናቶች «የሕፃን ካካ ምን አለው?» ይሉኛል። ብዙ አለው! ተቅማጥ የያዘው ልጅ ሰገራ ከአዋቂ ሰገራ የባሰ እንጂ ያነሰ አደገኛ አይደለም። በዓይን የማይታይ ጥቂት ነገር ልጅን መልሶ ለማሳመም ይበቃል። እንዲህ ያስቡት። ዳይፐር ቀየሩ፣ ቂጡን ጠረጉ። እጅዎ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ከዚያ ጆጉን ያዙ፣ የጡጦውን ክዳን ከፈቱ፣ ማንኪያውን አነሱ። ጀርሙ በዚያው መንገድ ወደ ልጁ አፍ ተመለሰ። ከተቅማጥ የዳነ ልጅም ለቀናት ጀርሙን በሰገራው ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ቂጡን ባጸዱ ቁጥር፣ ጨርቁንም ካጠቡ በኋላ፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ካካውን ሽንት ቤት ይድፉት፤ ግቢ ውስጥ አይጣሉት።

ሳፋውን ይተዉት። አንዱ እጁን የነከረበት ውሃ የሁሉንም ቆሻሻ ይይዛል። በጆግ እያፈሰሱ ከታጠቡ ግማሽ ሊትር ያህል ይበቃል። እጅዎን አርጥበው ማፍሰሱን ያቁሙ። ሳሙና ቀብተው ለ20 ሰከንድ ያህል ይሹት፤ አውራ ጣትና ጥፍር ሥር ይረሳል። ከዚያ ያለቅልቁ። በቀሚስዎ አይጥረጉት፣ አየር ያድርቀው። የልብስ ሳሙናም ይሆናል። ሳሙና ካለቀ፣ አመድ ከባዶ ውሃ ይሻላል።

ፍላጅሉን ግን ለምን ሰጡት? አብዛኛው የሕፃናት ተቅማጥ ከቫይረስ ነው፤ ፍላጅል ቫይረስ አይነካም። የተረፈ መድኃኒት ለሌላ ሰው፣ ለሌላ በሽታ የታዘዘ ነው። እባክዎ አይድገሙት። ልጅዎ የሚያስፈልገው ኦአርኤስና ዚንክ ነው፤ ጤና ጣቢያ ያገኙታል። አንዱን የኦአርኤስ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጥብጡት። ዚንኩን ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ይጨርሱለት። ጡት ከጠባም አያስጥሉት።

ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ወይም ሰገራው ደም ካለበት «እስኪነጋ ልየው» አይበሉ። ሌሊትም ቢሆን ይዘውት ይምጡ።

አሁን ደህና ቢሆንም በዚህ ሳምንት ያምጡት። ሦስቴ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ክብደቱ መታየት አለበት።