የአማርኛው ስላይድ ከሳጥኑ እንዳይወጣ

ጥያቄ፦ «ቀፊራ አካባቢ ለምንከፍተው የአትክልት ማቀዝቀዣ መጋዘን ፒች ዴኩን በእንግሊዝኛ ጨርሰናል። ለባንክ ወደ አማርኛ ስናዞረው ጽሑፉ ከሳጥኑ ይወጣል። በሌላ ላፕቶፕ ሲከፈት ጭራሽ ይበታተናል። ሁለቱንም ቋንቋ አንድ ስላይድ ላይ ብናደርግ ይሻላል?»

አይ ወንድሜ፣ አንድ ላይ አታድርጉት። ሁለቱ እንዲገቡ ፊደሉን ማሳነስ ግድ ይሆናል፤ ከዚያ ከኋላ የተቀመጠ ሰው አንዱንም አያነብም። እኔ ድሬ ላይ ለጀማሪ ድርጅቶች ስላይድ እሠራለሁ፤ ሁልጊዜ ሁለት ፋይል ነው የማዘጋጀው፣ ዲዛይኑ ግን አንድ።

መበታተኑ የሚመጣው ከፎንት ነው። ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ስለዚህ ፓወርፖይንት ለአማርኛው ከኮምፒውተሩ ውስጥ ያገኘውን ይተካል። በድሮዎቹ ዊንዶውሶች Nyala አለ። ዊንዶውስ 10 ላይ ግን Nyala ካልተጨመረበት የሚገኘው Ebrima ነው። ማክ ላይ Kefa አለ። ስፋታቸውም ቁመታቸውም ይለያያል። ቤት ውስጥ በአንድ መስመር ያለቀው ርዕስ አዳራሽ ሲደርስ ሁለት የሚሆነው ለዚህ ነው። እዚህ ደግሞ ብዙ ጊዜ ላፕቶፑ የአዘጋጁ ነው።

Noto Sans Ethiopic አውርዱ፤ ነፃ ነው። ከጎግል ፎንትስ ስታወርዱት static የሚል ፎልደር ታገኛላችሁ። ከዚያ ውስጥ Regular እና Bold ብቻ ይበቃችኋል። ከፎልደሩ ውጪ ያለው ሁሉንም ውፍረት በአንድ ፋይል የያዘ ስለሆነ ፓወርፖይንት ላይ ያስቸግራል። ከጫናችሁ በኋላ View ገብታችሁ Slide Master ክፈቱ። ፎንቱን እዚያ ቀይሩ እንጂ በየስላይዱ አትልፉ። መጨረሻ ላይ File፣ Options፣ Save ውስጥ Embed fonts in the file የሚለውን ምልክት አድርጉበት።

አሁን ወደ ሳጥኑ። እዚያው Slide Master ላይ Do not Autofit ምረጡ። Shrink text on overflow ክፍት ከሆነ ፓወርፖይንት ፊደሉን እያሳነሰ ያስገባዋል። አንዱ ስላይድ 24፣ ሌላው 18 ይሆንና ዴኩ የተለያየ ሰው የሠራው ይመስላል። ጽሑፉ ከሳጥን ሲወጣ በዓይናችሁ ብታዩት ይሻላል፤ የቱን ማሳጠር እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

የመስመር ክፍተትም አለ። የአማርኛ ፎንት መስመሩን ከእንግሊዝኛው ሰፋ አድርጎ ይከፍታል። ሁለት መስመር ርዕስ ታች ያለውን ሥዕል የሚነካው በዚህ ነው። Line Spacing ላይ Exactly ምረጡና መጠኑ 28 ለሆነ ፊደል 36 ስጡት። ከዚያ እንደ ሏ እና ቷ ያሉት ወደታች የሚወርዱ ፊደላት ከሥራቸው ያለውን መስመር እንዳይነኩ እዩ። ከነኩ ሁለት ሦስት ጨምሩ።

ይህ ሁሉ ሆኖም አረፍተ ነገሩ ራሱ ካላጠረ አይገባም። ለምሳሌ የችግሩን ስላይድ ውሰዱ። ቃል በቃል ሲዞር እንዲህ ይመጣል፦ «አትክልት አምራቾች ምርታቸውን ወደ ገበያ ከማድረሳቸው በፊት ከፍተኛ የምርት ብክነት ያጋጥማቸዋል»። በ28 ፊደል ሁለት መስመር ሞልቶ ወደ ሦስተኛው ሊሻገር ይችላል። እኔ ብሆን «አትክልቱ ቀፊራ ሳይደርስ ይበላሻል» ብዬ እተወዋለሁ። በአንድ መስመር አለቀ፣ የባንኩ ሰውም ወዲያው ይገባዋል። አቦ፣ የቀረውን እኮ በአፋችሁ ትናገሩታላችሁ! ሦስት ጠባብ ሳጥን ጎን ለጎን ካላችሁ ደግሞ እንደ «ለሚያስፈልጋቸው» ያለ ረጅም ቃል አታስገቡ። መስመሩ ካልበቃው ለብቻው ይወርድና ሳጥኑን ያረዝመዋል። ሳጥኖቹን ከጎን ወደ ላይና ታች ብትደረድሯቸው ይቀላል።

በጣም የምጠነቀቀው ግራፉ ላይ ነው። የዓመቱን ቁጥር ዝም ብላችሁ በ7 ወይም በ8 ቀንሳችሁ አትጻፉ። ሒሳባችሁ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ከሆነ 2024/25 ያላችሁትን 2017 በጀት ዓመት ማለት ትችላላችሁ፤ ጊዜው ያው ነው። ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ከሆነ ግን የእኛ ሁለት ዓመት ውስጥ ይገባል። ያኔ ቁጥሩን እንዳለ ተዉትና «እ.ኤ.አ.» በሉ። እሱንም በየዓምዱ ሥር ሳይሆን ግራፉ ርዕስ ላይ አንዴ ጻፉት። «ሚሊዮን ብር»ንም እንደዚያው። ከዓምዶቹ ሥር ያለው ጽሑፍ ከረዘመ ፓወርፖይንት ራሱ ያጋድመዋል፤ አማርኛ ተጋድሞ ደግሞ ለማንበብ ይከብዳል። ዓምዶቹን አግድም አድርጓቸው፣ ስም በግራ በኩል ሰፊ ቦታ ያገኛል። የዓምዶቹን ስም የምትቀይሩት Edit Data ከፍታችሁ ሠንጠረዡ ውስጥ ነው።

ሲያልቅ ሁለቱንም PDF አድርጉና ጎን ለጎን ክፈቷቸው። ስላይድ በስላይድ ቁጥሮቹን አመሳክሩ። በተለይ የምትጠይቁት ገንዘብ በአንዱ በብር፣ በሌላው በዶላር ከሆነ የተመነዘረበትን ቀን ሁለቱም ላይ ጻፉ። PDFዋን ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ሂዱ፤ የአዘጋጁ ላፕቶፕ ፎንቱን እምቢ ካለ እሷን ትከፍታላችሁ።