ካርቦኑ ክሎሪኑን ከወሰደው በኋላ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ከሮቶ ነው የምንጠቀመው። ሲለቀቅ ይደፈርሳል፣ ከዚያ ክሎሪን ክሎሪን ይላል። የካርቦን ማጣሪያ አስገጥመን ሽታው ጠፋ፤ ልጆቹ ግን ሆዳቸውን ይላሉ። ሴራሚክ ልግዛ ወይስ አሸዋ?»

መልስ፦ የልጆቹን ሕመም ሐኪም ይየው፤ እኔ የምመልሰው ስለ ውሃው ነው። ካርቦን ክሎሪንን፣ ሽታንና መጥፎ ጣዕምን ይይዛል እንጂ ባክቴሪያን አስተማምኖ አያስቀርም። እንዲያውም ክሎሪኑ ሲወሰድ ውሃው ጠባቂ ያጣል፣ የካርቦኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎችም ባክቴሪያ የሚራባባቸው ይሆናሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ ማጣሪያው የት እንደተገጠመ ይመልከቱ። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ቤት ካርቦኑ በሮቶው መግቢያ ላይ ተገጥሞ አገኘሁ፤ ውሃው ክሎሪኑን አጥቶ ሮቶ ውስጥ አራት አምስት ቀን ይቀመጥ ነበርና የሮቶውን የውስጥ ግድግዳ በጣቴ ስነካው እንደ ተልባ ሙልጭልጭ አለ። ሮቶውን አሳጥበን ካርቦኑን ወደ ወጥ ቤት፣ ከሴራሚኩ በኋላ አዛወርነው።

ለእርስዎ ቤት ዋናው ሥራ የሴራሚክ ነው። ደህና የተሠራ የሴራሚክ ሻማ ቀዳዳው ከማይክሮን ስለሚያንስ ድፍርሱን፣ ጃርዲያንና አሜባን እንዲሁም ባክቴሪያን ያስቀራል፤ ክሎሪንንና በውሃ የሟሙ ነገሮችን ግን ያሳልፋል። ቫይረስም ስለሚያመልጠው ክሎሪኑ እስከ ሴራሚኩ ድረስ ውሃው ውስጥ ቢቆይ ይጠቅማል። ካርቦን በመጨረሻ ይምጣ፤ በካርቦን ያለፈውን ውሃ በዕለቱ ይጠጡት፣ በጀሪካን አያስቀምጡት። ውሃው ሲጠረጠር ደግሞ አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነና ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

አሸዋ አልመክርዎትም። ጀርም የሚይዘው የአሸዋ ማጣሪያ ሥራውን የሚሠራው ከላዩ በሚያበቅለው ሕያው ስስ ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ ለመብሰል ሳምንታት ይፈልጋል፣ ሁልጊዜም አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ከላዩ መቆየት አለበት፣ ክሎሪን ደግሞ ይገድለዋል። ያለዚያ ሽፋን አሸዋ የሚይዘው በዋናነት ድፍርሱን ነው፤ ለዚያ የፈረቃው የመጀመሪያ ውሃ ወደ ሮቶ ሳይገባ ለጽዳት ቢውልና ከሴራሚኩ በፊት ተራ የደለል ማጣሪያ ቢገባ ይቀላል።

ሴራሚኩ ፍሰቱ ሲቀንስ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠብ፤ ሳሙና አይንካው። ስንጥቅ እንዳለው ለማወቅ ውሃ እስኪጠግብ ከነከሩት በኋላ ውሃ ውስጥ እንዳለ በአንገቱ በኩል ቀስ ብለው ይንፉበት፤ አረፋ ከአንድ ቦታ ተከታትሎ ከወጣ እዚያ ተሰንጥቋልና ይጣል። የካርቦኑ ጊዜ ማለፉን ደግሞ አፍንጫዎ ይነግርዎታል፤ የክሎሪኑ ሽታ ከማጣሪያው በኋላ ሲመለስ ይቀየር።