የሰሌክቲቭ ሪፒት ዊንዶው ለምን ግማሽ ብቻ ይሆናል?

«በ2 ቢት 4 ተከታታይ ቁጥሮች አሉን። ጎ-ባክ-ኤን ዊንዶው 3 ሲፈቀድለት ሰሌክቲቭ ሪፒት ለምን 2 ብቻ?»

ሁለቱም የጠፋ ፓኬት እንደገና የሚላክባቸው የኔትወርክ ስልቶች ናቸው፤ የላኪው ዊንዶው ማረጋገጫ ሳይጠበቅ ሊላኩ የሚችሉት ፓኬቶች ብዛት ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከተቀባዩ ነው፤ የሰሌክቲቭ ሪፒት ተቀባይ በራሱ ዊንዶው ውስጥ ያለን ቁጥር ሁሉ ይቀበላል። እስቲ ሰሌክቲቭ ሪፒትን በዊንዶው 3 እንሞክረው።

ላኪው 0፣ 1 እና 2ን ላከ። ሦስቱም ደረሱ። ተቀባዩ ማረጋገጫ መለሰና ዊንዶውን ወደ 3፣ 0፣ 1 አንሸራተተ። ማረጋገጫዎቹ ግን መንገድ ላይ ጠፉ እንበል። ላኪው ጠብቆ ሲያጣ አሮጌውን 0 ደግሞ ላከ። ተቀባዩ ጋ ደግሞ 0 አሁን ዊንዶው ውስጥ ነው። አዲስ ዳታ መስሎት ይይዘዋል። በቃ፣ ፋይሉ ተበላሸ። የስህተት መፈተሻው ቼክሰም ትክክል ስለሆነ ማንም አያስጠነቅቅም፤ ከባዱም ነገር ይሄ ነው።

ስለዚህ አሮጌውና አዲሱ ዊንዶው አንድም ቁጥር መጋራት የለባቸውም። ዊንዶው 2 ሲሆን አሮጌው 0 እና 1፣ አዲሱ 2 እና 3 ነው። ግጭት የለም። በ`k` ቢት ወሰኑ `2^(k-1)` የሆነው ለዚህ ነው።

የጎ-ባክ-ኤን ተቀባይ ግን የሚጠብቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። እዚያው ታሪክ ላይ 3ን እየጠበቀ አሮጌው 0 ቢመጣ ይጥለዋል፤ «እስከ 2 ደርሶኛል» ብሎም ይደግማል። ዊንዶው 4 ቢሆን ግን አራቱ ከደረሱ በኋላ የሚጠብቀው 0 ነው። አሮጌው 0 ያታልለዋል። አንድ ቁጥር መተው ግድ ስለሆነ ወሰኑ `2^k - 1` ነው። በምላሹ 0 ብቻ ቢጠፋ እንኳ 1 እና 2ም እንደገና ይላካሉ።

ሁለቱም ወሰኖች የሚሠሩት መስመሩ የፓኬቶችን ቅደም ተከተል ካላዛባ ነው።