የስብሰባ ጥያቄ በኢሜይል፦ ርዕሱ ላይ ምን ይጻፍ?

ጥያቄ፦ ለገሃር አካባቢ ባለ ቢሮ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ። የዓመቱን መጽሔት የሚያትምልን ማተሚያ ቤት አራት ኪሎ ነው። ለስብሰባ ቀን ስጠይቃቸው ሰብጀክቱ ላይ ሁሌም «ጉዳዩ፡- የስብሰባ ጊዜ እንዲመቻችልን ስለመጠየቅ» ብዬ እጽፋለሁ። መልስ ቶሎ አይመጣም። ስደውል «የቱ ኢሜይል ነው? አላገኘነውም» ይሉኛል። አማርኛዬ ላይ ችግር አለ? እንዴት ብጽፈው ይሻላል?

መልስ፦ አማርኛዎ ላይ ምንም ስህተት የለም። ለወረቀት ደብዳቤ የተሠራውን ርዕስ ነው ወደ ኢሜይል ያመጡት፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል።

በወረቀት ደብዳቤ ላይ «ጉዳዩ» ብቻውን አይሠራም። ከላይ ቁጥርና ቀን አለ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ሲደርስ ይመዘገባል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል። ከወር በኋላ የሚፈልገው ሰው «በቁጥር ይህን ያህል፣ በቀን ይህን ያህል የጻፋችሁት» ብሎ ያስወጣዋል። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ «ስብሰባ ስለመጠየቅ» የሚሉ ብዙ ደብዳቤዎች ቢኖሩም ማንም አይቸገርም። የሚለያቸው ቁጥሩ ነው። ርዕሱም ሙሉውን አንድ መስመር ላይ ይነበባል፤ አይቆረጥም።

ኢሜይል ላይ ቁጥሩም መዝገብ ቤቱም የሉም። ፈልጎ የማግኘቱ ሥራ በሙሉ ርዕሱ ላይ ወድቋል። የእርስዎ ርዕስ ደግሞ መጽሔቱን አንድም ቦታ አያነሣም። ማተሚያ ቤቱ በዚያ ሳምንት ስብሰባ የሚጠይቁ ሌሎች ደንበኞችም አሉት። እነሱም እንደ እርስዎ «የስብሰባ ጊዜ እንዲመቻችልን» ብለው ጽፈው ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጉዳይ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ባሕርይ ነው። ግሡ መጨረሻ ይመጣል። «ስለመጠየቅ» እስኪደርስ ድረስ አንባቢው ምን እንደተፈለገ አያውቅም። ስልክ ላይ ደግሞ የሚታየው የርዕሱ መጀመሪያ ብቻ ነው። የእርስዎ ርዕስ እዚያ ላይ እንዲህ ይሆናል፦ «ጉዳዩ፡- የስብሰባ ጊዜ እንዲ…»። የመጀመሪያው ቃል ጭራሽ አያስፈልግም። ኢሜይሉ ራሱ ቦታውን «ይህ ጉዳዩ ነው» ብሎ ለይቶታል፤ ደግመው ሲጽፉት ጥሩውን ቦታ ይበላብዎታል። «አስቸኳይ» የሚለውም እንደዚያው ነው። ምን እንደቸኮለ ሳይናገር ፊተኛውን ወንበር ይይዛል።

እንግዲህ የሚለየው ስም ይቅደም። በእርስዎ ጉዳይ የሚለየው መጽሔቱና ዓመቱ ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«መጽሔት 2018 - የእርማት ስብሰባ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 18 ወይስ ሐሙስ 20?»

ይህ ርዕስ ስልክ ላይ ቢቆረጥ እንኳ «መጽሔት 2018 - የእርማት ስብሰባ» የሚለው ይተርፋል። ሰውየው መንገድ ላይ ሆኖ ቢያየው የማን እንደሆነና ስለምን እንደሆነ ይገባዋል። ሙሉውን ካየው ደግሞ ጥያቄው እዚያው ስላለ «ሐሙስ ይሁን» ብሎ መመለስ ይችላል።

አንዳንድ አንባቢ «መጽሔት 2018» ብቻውን መቆሙ ቅር ሊለው ይችላል። «የ2018 መጽሔት» ማለት አይቀናም ወይ? በዓረፍተ ነገር ውስጥ ቢሆን አዎ። እዚህ ግን ያንን ስም የምጠቀምበት እንደ ፋይል መለያ ነው፤ ከሰረዙ በኋላ ያለው ሐረግ የራሱን ሰዋስው ጠብቆ ይሄዳል። ስሙን ያለ «የ» የተውኩበት ምክንያት ፍለጋው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ኢሜይል የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነውና።

በአማርኛ «የ»፣ «ለ»፣ «በ»፣ «ስለ» ከስሙ ጋር ተጣብቀው ይጻፋሉ። መጨረሻው ላይም «ኡ»፣ «ን»፣ «ዎች» ይጨመራሉ። ለእኛ «መጽሔት»፣ «የመጽሔቱ»፣ «ስለመጽሔቱ» አንድ ቃል ናቸው። የኢሜይል ፍለጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ቃልን ከሙሉ ቃል ጋር ነው የሚያገናኘው። ማተሚያ ቤት ያለችው ባለሙያ «መጽሔት» ብላ ስትፈልግ «የመጽሔቱን» የሚል ርዕስ ላይመጣላት ይችላል። «አላገኘነውም» ያሉዎት ሰዎች እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። በራስዎ ሳጥን ይሞክሩት። የላኩትን አንድ ኢሜይል ይምረጡ፣ ርዕሱ ላይ ያለውን ቃል መጀመሪያ እንዳለ፣ ቀጥሎ ያለ «የ» ይፈልጉት። ሁለቱ የተለያየ ውጤት ካመጡ ነገሩ ገባዎት ማለት ነው።

ሞክሼ ፊደላቱም አሉ። «መጽሔት» የሚለውን ቃል በየቢሮው ሲጽፉት «መፅሔት»፣ «መጽሄት»፣ «መፅሄት» ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስናነበው ድምፁ አንድ ነው። ለኮምፒውተር ግን «ጽ» እና «ፅ»፣ «ሔ» እና «ሄ» የተለያዩ ፊደላት ናቸው። እኔ «መጽሔት» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ሥሩን የጠበቀ እሱ ነውና። ለዚህ ሥራ ግን ከምርጫው ይበልጥ የሚያስፈልገው አለመለዋወጥ ነው። እርስዎ፣ የሥራ ባልደረባዎና ማተሚያ ቤቱ በአንድ አጻጻፍ ይስማሙ። ከዚያ በኋላ በየኢሜይሉ ያችው ትደገም። የድሮዎቹን ለመፈለግ ደግሞ ጂሜይል የምትጠቀሙ ከሆነ በፍለጋው ሳጥን እንዲህ ይጻፉ፤ ርዕሱ ላይ ከሁለቱ አንዱ ያለበትን ያመጣል፦

```
subject:(መጽሔት OR መፅሔት)
```

ወደ ቀኑ ልለፍ። ብዙ ሰው ለማሳጠር ብሎ «18/02/2018» ይጽፋል። እርስዎ ጥቅምት 18 ማለትዎ ነው። ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሠራ ሰው ግን ፌብሩዋሪ 18 ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ ያውም ከዓመታት በፊት ያለፈውን። የወሩን ስም በፊደል ይጻፉ፣ የሳምንቱን ቀንም አይተዉ። «ማክሰኞ ጥቅምት 18» ካሉ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፤ ቀኑን ቢሳሳቱ እንኳ ተቀባዩ «18 እኮ ማክሰኞ አይደለም» ብሎ ይነግርዎታል።

ሰዓቱን ርዕሱ ላይ አላስገባሁትም። ሁለት ቀን አማርጠው ሰዓትም ከጨመሩበት ይጨናነቃል። ሰዓቱ የኢሜይሉ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ይምጣ፣ «ከጠዋቱ 4 ሰዓት» ተብሎ። «ከጠዋቱ» የሚለውን መጣል አይገባም። በኋላ በካላንደር ግብዣ ሲልኩ እዚያ 10:00 ተብሎ ነው የሚታየው፤ «10 ሰዓት» ብሎ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ሰው አይጠፋም።

ስለ አክብሮት የሚጨነቁ ከሆነ፣ ከላይ ባለው ርዕስ ውስጥ ግስ እንደሌለ ልብ ይበሉ። ሆን ብዬ ነው። ግስ ካለ «ይመችዎታል» ነው ወይስ «ይመቻችኋል» የሚል ምርጫ ይመጣል። ኢሜይሉ ለአንድ ሥራ አስኪያጅ ሄዶ ለሦስት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ላይ ይሰናከላል። አክብሮቱ ውስጥ ይግባ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የመጽሔቱን ሁለተኛ እርማት ጨርሰናል። ገጾቹን አብረን ለማየት አንድ ሰዓት ያህል ያስፈልገናል። ማክሰኞ ጥቅምት 18 ወይም ሐሙስ ጥቅምት 20 ከጠዋቱ 4 ሰዓት እናንተ ዘንድ ብንመጣ የቱ ይሻላችኋል? እስከ ዓርብ ጥቅምት 14 ብታሳውቁን እናመሰግናለን።»

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ቀኑ ገና ካልተቆረጠ «የስብሰባ ጥሪ» አይበሉ። ጥሪ የተወሰነ ነገር ነው፤ ተቀባዩ ቀኑን ይመዘግባል እንጂ መልስ የሚጠበቅበት አይመስለውም። ሐሙስ ብለው ከመለሱልዎት በኋላ ጥሪውን ይልካሉ።

ቀኑ ቢቀየርስ? ርዕሱን አይንኩት። ጂሜይል ላይ መልስ ሲጽፉ ርዕሱን ከለወጡት ኢሜይሉ ከቀድሞው ተነጥሎ አዲስ ሆኖ ይቀመጣል። ግማሹ ንግግር እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ይቀራል። አዲሱን ቀን በመልሱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፉ፦ «ወደ ዓርብ ጥቅምት 21 ተዛውሯል»። በአንጻሩ ለሌላ ስብሰባ የድሮውን ኢሜይል ከፍቶ መልስ መስጠት ትልቅ ጥፋት ነው። አድራሻ ለመፈለግ ስንሰንፍ ብዙዎቻችን የምናደርገው ነው። የኅዳሩ የሽፋን ስብሰባ በጥቅምቱ የእርማት ርዕስ ሥር ይቀበራል፤ «ሽፋን» ብሎ ርዕሶቹን የሚያይ ሰው አያገኘውም። አዲስ ኢሜይል ይክፈቱ፦ «መጽሔት 2018 - የሽፋን ስብሰባ» ብለው ይጀምሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት ሳይለወጡ ስለቀሩ «መጽሔት 2018» ብላ የምትፈልግ ባለሙያ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ታገኛቸዋለች።

አሁንም ማኅተምና ቁጥር ያለው ደብዳቤ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ካጋጠመዎት፣ ደብዳቤው በለመዱት መልክ ይሁን። እዚያ «ጉዳዩ» አለ፣ «ስለመጠየቅ»ም ቦታው ነው። ስሙን ብቻ ወደፊት ያምጡት፦ «ጉዳዩ፡- የ2018 መጽሔት የእርማት ስብሰባ እንዲደረግ ስለመጠየቅ»። ከዚያ ደብዳቤውን ስካን አድርገው ሲልኩ የኢሜይሉ ርዕስ ግን «መጽሔት 2018» ብሎ የሚጀምረው ይሁን፤ የደብዳቤውንም ቁጥር መጨረሻው ላይ ይጨምሩበት። ያን ጊዜ መዝገብ ቤት በቁጥሩ፣ ባለሙያዋ በስሙ ያገኙታል።